36 እጥፍ የሚለውን ቁጥር ከዕቅድዎ ያውጡት

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«በአዲስ አበባ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ሌላም ባልትና በየወሩ ለቤተሰቦች የሚያደርስ ድርጅት ካቋቋምኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ትዕዛዝ የምንቀበለው በስልክና በቴሌግራም ነው። በዓመቱ 1,200 ደንበኞች አምጥተን ለማስታወቂያ 600,000 ብር ስላወጣን፣ አንድ ደንበኛ ለማምጣት 500 ብር ወጥቶብናል። አማካይ ትዕዛዝ 4,000 ብር ነው፤ ከዕቃው መግዣ በላይ 900 ብር ይተርፋል። በወር የሚለዩን 5 በመቶ ብቻ በመሆናቸው አንድ ደንበኛ 20 ወር ቆይቶ 18,000 ብር፣ ማለትም የወጣበትን 36 እጥፍ፣ ያስገኛል ብዬ በዕቅዴ ጻፍኩ። 5 ሚሊዮን ብር የጠየቅኩት ኢንቨስተር ግን 36 እጥፍ የሚለውን አይቶ ‹ይህን ማመን ይቸግረኛል፤ ደንበኞቹን በገቡበት ወር ለይተው ያሳዩኝ› ብሎ መለሰልኝ። ስህተቱ የት ነው? ዕቅዱንስ እንዴት ላስተካክለው? መዝገቦቼን አያይዣለሁ።»
ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ማባዛቱና ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ የሚባዙት ቁጥሮች ውስጥ ነው። 900 ብሩም፣ 5 በመቶውም፣ 500 ብሩም እያንዳንዳቸው እውነት የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን ኢንቨስተሩ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆኑም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ የሚሰጥዎት ገንዘብ ነገ የሚያመጣው ደንበኛ ስንት ብር እንደሚያስወጣና ያ ብር በስንት ወር እንደሚመለስ ነው። መዝገቦችዎን ተመልክቻቸዋለሁ፤ መልሱ በውስጣቸው አለ፤ ዕቅዱ ላይ ግን አልወጣም።

ቀላሉን ላስቀድም። 900 ብር ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ በላይ ያለው ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ትዕዛዝ ከመጋዘን ወጥቶ ደንበኛው በር እስኪደርስ ድረስ ሌላም ወጪ አለበት። በወጪ መዝገብዎ መሠረት ለሞተር አድራሽ በአንድ ትዕዛዝ 220 ብር፣ ለከረጢትና ለማሸጊያ 70 ብር፣ በሚዛን ለሚጎድለው፣ ለሚፈሰውና ለሚመለሰው ዕቃ 50 ብር፣ ስልክ እያነሳች ትዕዛዝ ለምትመዘግበው ሠራተኛ ደግሞ 60 ብር ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ትዕዛዝ በጨመረ ቁጥር የሚጨምሩ ወጪዎች ናቸው። ድምራቸው 400 ብር ስለሆነ ከአንድ ትዕዛዝ በእርግጥ የሚቀርልዎት 500 ብር ነው። የመጋዘን ኪራይ፣ የእርስዎና የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ትዕዛዝ ባይኖርም ይከፈላሉና። እነሱን የሚሸፍናቸው ይኸው 500 ብር ነው። ከዚህ በታች ስለ አንድ ደንበኛ ጥቅም ስናገር ሁልጊዜ የምጠቀመው በዚህ ቁጥር ነው፤ በዕቅድዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ዋናው ችግር 5 በመቶው ነው። በደንበኞች መዝገብዎ ውስጥ አንድ ሰው «ተለይቷል» ተብሎ የሚመዘገበው ደውሎ «ይብቃኝ» ሲል ወይም ከቴሌግራም ቡድኑ ሲወጣ ብቻ መሆኑን አየሁ። ውል የሌለበት ንግድ ግን ማንም መልቀቂያ የማያስገባበት ንግድ ነው። ለምሳሌ በጥር ከገቡት መካከል አንዷ ደንበኛ በጥር 25 ኪሎ ጤፍና ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ በየካቲት ጤፍ ብቻ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። በነሐሴ መጨረሻም ስማቸው «ንቁ ደንበኛ» በሚለው ዓምድ ሥር ተቀምጧል። ምናልባት ከገጠር ዘመድ ጤፍ ልኮላቸው ይሆናል፤ ምናልባት ከእህል በረንዳ ኩንታል ገዝተው ይሆናል፤ ምናልባትም በርበሬው አልጣማቸው ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ለስድስት ወራት አንድ ብር አላስገቡም፤ የእርስዎ ሒሳብ ግን ገና ወደፊት በየወሩ 900 ብር እንደሚያስገቡ አድርጎ ቆጥሯቸዋል።

ስለዚህ የሚለዩትን ለመቁጠር መሞከርዎን ይተዉትና ትዕዛዞችን ይቁጠሩ። ኢንቨስተሩ «በገቡበት ወር ለይተው» ያለው ይህንኑ ነው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ኮሆርት የሚባለው። በአንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘዙትን ሰዎች በአንድ ቡድን ያስቀምጡና ከእነሱ መካከል በሁለተኛው ወር ስንቶቹ እንዳዘዙ፣ በሦስተኛው ስንቶቹ፣ እያለ እስከ ዛሬ ይቀጥላል። አዲስ የገባ ሰው በዚያ ቡድን ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። በወር ሁለት ጊዜ የሚያዝ ካለ ሁለቱም ትዕዛዞች ይቆጠራሉ፤ አንድ ወር ዘሎ የሚመለስ ደንበኛም በተመለሰበት ወር ይገኛል፤ ሄዷል ወይስ አልሄደም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ጳጉሜን እንደ ራሷ ወር ከቆጠሩ ግን ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ድንገት የወደቀ ይመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ይደምሯት።

በማስታወቂያ አማካይነት በጥር የገቡትን 100 ሰዎች ወስጄ ከትዕዛዝ መዝገብዎ እንዲህ አወጣሁት። የመጨረሻው ዓምድ 500 ብሩን በተከማቹት ትዕዛዞች አባዝቶ ለ100 ሰዎች በማካፈል የተገኘ ነው።

| ወር | በወሩ የመጣ ትዕዛዝ | የተከማቸ ትዕዛዝ | ከአንድ ደንበኛ የተገኘ ቀሪ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ጥር | 100 | 100 | 500 |
| የካቲት | 52 | 152 | 760 |
| መጋቢት | 40 | 192 | 960 |
| ሚያዝያ | 33 | 225 | 1,125 |
| ግንቦት | 29 | 254 | 1,270 |
| ሰኔ | 27 | 281 | 1,405 |
| ሐምሌ | 25 | 306 | 1,530 |
| ነሐሴ | 24 | 330 | 1,650 |

ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ሲያነቡት ከገቡት ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ወር ሳያዙ መቅረታቸውን ያያሉ። ከግንቦት በኋላ ግን ቁልቁለቱ ይለዝባል፤ ከ29 ወደ 24 ለመውረድ ሦስት ወር ፈጅቷል፤ ይህም በወር 6 በመቶ ገደማ ነው። የእርስዎ 5 በመቶ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አራት ወር አልፈው የጸኑትን ደንበኞች ጠባይ ይገልጻል። ስህተቱ የጸኑትን ጠባይ ለገቡት ሁሉ መስጠቱ ላይ ነው። ከ100 ሰው 29ኙ በተረጋጋ ሁኔታ ቢቆዩም፣ 20 ወሩን በ100ው ላይ ማባዛት ከሰባ በላይ የሚሆኑ የሌሉ ሰዎችን ማስከፈል ነው። የመለየት መጠን ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ «አንድን በመለየት መጠኑ ማካፈል» የሚለው አቋራጭ አይሠራም፤ አቋራጩ የሚሠራው መጠኑ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ የቤት ፍጆታ ንግድ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

የመስከረሙ ቡድን ሌላ ታሪክ ይናገራል። 50 ሰዎች ገቡ፤ በዓመቱ ውስጥ 404 ትዕዛዝ አመጡ፤ ይህም በአንድ ሰው ስምንት ያህል ትዕዛዝ፣ በገንዘብም 4,040 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ከ50ው 39ኙ ተመልሰዋል። ስም ዝርዝሩ አጠገብ ባለው «እንዴት ሰሙ» በሚለው ዓምድ አብዛኞቹ የጎረቤት፣ የዘመድና የሥራ ባልደረባ ሰዎች እንደሆኑ አይቻለሁ። የጥርና የመስከረም ደንበኛ በአንድ አማካይ ውስጥ ሲቀላቀሉ ማንንም የማይመስል ሦስተኛ ሰው ይፈጠራል። ኢንቨስተሩ ገንዘቡን የሚያወጣው በማስታወቂያ ለሚመጣው ደንበኛ ስለሆነ የመስከረሙ ቡድን ውጤት ለዚያ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱን ለየብቻ ያሳዩ። አዳዲሶቹ ቡድኖች ከቀደሙት እየደከሙ መሄዳቸው ከታየም አይደብቁት፤ ልምድ ያለው ኢንቨስተር ሰንጠረዡን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመለከተው ያንን ነው።

አሁን ወደ 500 ብሩ እንምጣ። ደንበኛ የማምጫ ወጪ ማለት የማስታወቂያ ክፍያ ብቻ አይደለም። ያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያዝ ለማድረግ የወጣው ሁሉ ይገባበታል። በዓመቱ ለማስታወቂያ 600,000 ብር፣ ለመጀመሪያ ትዕዛዝ የሚሰጡት የ300 ብር ቅናሽ ለ1,200 ሰዎች 360,000 ብር፣ በየኮንዶሚኒየሙ እየዞሩ ለሚያስተዋውቁት ሁለት ሠራተኞች በወር 12,000 ብር ሒሳብ 288,000 ብር፣ ሰው ላመጡ ደንበኞች ለሚሰጠው የማበረታቻ ስጦታ 72,000 ብር ወጥቷል። ድምሩ 1,320,000 ብር ነው፤ በአንድ ደንበኛ 1,100 ብር ማለት ነው። ቅናሹን እዚህ ከቆጠሩት ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ቀሪ ላይ ደግመው አይቀንሱት፤ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ብቻ ይቀመጥና የት እንዳስቀመጡት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ይህም ቁጥር ገና ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያቀላቅላል። ከ1,200ው ደንበኞች 400ው በሰው በሰው የመጡ ናቸው፤ ለእነሱ የወጣው ስጦታውና ቅናሹ ስለሆነ በነፍስ ወከፍ 480 ብር ነው። የቀሩት 800 ሰዎች ማስታወቂያውን፣ ዞረው የሚያስተዋውቁትን ሠራተኞችና የራሳቸውን ቅናሽ ተሸክመው በነፍስ ወከፍ 1,410 ብር ወጥቶባቸዋል። በሰው በሰው የመጣውን በማስታወቂያ ከመጣው ጋር ደምሮ ማካፈል ማስታወቂያው ከሚገባው በላይ ርካሽ እንዲመስል ያደርገዋል።

ከዚህም በላይ መታየት ያለበት በጊዜ ውስጥ የሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት በማስታወቂያ የመጣ አንድ ደንበኛ 1,260 ብር አስወጥቷል። ባለፉት ሦስት ወራት ግን ለማስታወቂያ 240,000፣ ለሠራተኞች 72,000፣ ለቅናሽ 60,000 ብር አውጥተው ያገኙት 200 ሰው ነው፤ በአንድ ሰው 1,860 ብር። መጀመሪያ የመጡት አገልግሎቱን ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ካለቁ በኋላ የሚቀጥለውን ሰው ለማሳመን ብዙ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። በተጨማሪ ገንዘብ የሚመጣው ደንበኛ ዋጋ ከአማካዩ ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀምራል። ስለዚህ በዕቅድዎ የወደፊት ሒሳብ ውስጥ የሚገባው 1,860 ነው፤ ከእሱም ከፍ ቢል ምን እንደሚሆን ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ከእርስዎ እጅግ በሚልቅ ድርጅት ላይም ደርሷል። ለማብሰል የተዘጋጀ ምግብ በሳጥን ለቤተሰቦች ይልክ የነበረው የአሜሪካው ብሉ ኤፕረን በ2017 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ላይ አንድ ደንበኛ ለማምጣት 94 ዶላር እንደሚያወጣ ገልጾ ነበር። ቁጥሩ የተገኘው ከ2014 መጀመሪያ እስከ መጋቢት 2017 የወጣውን የገበያ ወጪ በሙሉ በዚያ ጊዜ በመጡት ደንበኞች በሙሉ በማካፈል ነው። ሰነዱን የመረመሩ ባለሙያዎች ወዲያው ያነሱት ጥያቄ ይህ የሦስት ዓመት አማካይ ርካሽ የነበረውን የመጀመሪያ ጊዜ ውድ ከሆነው የቅርብ ጊዜ ጋር ያቀላቅላል የሚል ነበር። አክሲዮኑ በመጀመሪያ ከ15 እስከ 17 ዶላር ይሸጣል ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ በመጨረሻ በ10 ዶላር ወጣ፤ ለዚህ በዚያው ወር አማዞን የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ያሉትን ሆል ፉድስን ለመግዛት መስማማቱን ማስታወቁም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በወቅቱ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ኩባንያ በ2023 ወንደር ለተባለ ድርጅት በ103 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የምግቡ ሳጥን ይወደድ ነበር፤ የሚከብደው አንዴ የመጣውን ሰው ማቆየትና የሄደውን በሌላ መተካት ነበር። የእርስዎም ንግድ ጸባዩ ቅርብ ስለሆነ ኢንቨስተሩ ይህን ዓይነት ታሪክ በልቡ ይዞ ነው ሰንጠረዡን የሚያነበው።

አሁን ሁለቱን ጎኖች እናገናኛቸው። የጥር ቡድን ከነሐሴ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል ብለን በየወሩ 23፣ 22፣ 21 እና 20 ትዕዛዝ ብንገምት፣ በዓመት ከአንድ ደንበኛ 4.16 ትዕዛዝ፣ ማለትም 2,080 ብር ይገኛል። ይህን ለ1,860 ብናካፍል 1.1 እጥፍ ገደማ ነው፤ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰውም በአሥረኛው ወር ነው። በሰው በሰው የመጣው ደንበኛ ግን በመጀመሪያው ትዕዛዝ ብቻ 480 ብሩን ይመልሳል፤ የመስከረሙን ቡድን መለኪያ ካደረግን በዓመት ከስምንት እጥፍ በላይ ያስገኛል። በዕቅዱ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አይደመሩ።

ምናልባት «ከደንበኛው የሚገኘው ጥቅም የማምጫ ወጪውን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት» የሚለውን ልማድ ሰምተው ይሆናል። ይህን መለኪያ ካስፋፉት አንዱ ማትሪክስ ፓርትነርስ በተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት የሠሩት ኢንቨስተር ዴቪድ ስኮክ ናቸው፤ የማምጫ ወጪው በ12 ወር ውስጥ ቢመለስ መልካም ነው የሚለውንም እንዲሁ። መለኪያው የተወለደው ግን በየወሩ በሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች ዘንድ ነው፤ እዚያ ከመቶ ብር ሽያጭ ሰባና ሰማንያው የሚቀርበት፣ ደንበኛውም በውል የተያዘበት ንግድ ነው። በእርስዎ ንግድ ከ4,000 ብር 500ው ብቻ ስለሚቀር ለሦስት እጥፍ ሲሉ የደንበኛውን ዕድሜ ወደ 30 እና 40 ወር ማስረዘም ይፈታተናል። አያድርጉት። ድርጅቱ የአንድ ዓመት ዕድሜ ስላለው ማንም ደንበኛ ከ12 ወር በላይ ሲያዝ አልታየም። የደንበኛውን ጥቅም በ12 ወር ገድበው፣ በዓይን የታየውንና የተገመተውን በሰንጠረዡ ላይ በተለያየ ቀለም ለይተው ያቅርቡ። ለእኔ ከእጥፉ ይልቅ ገንዘቡ የሚመለስበት ወር የበለጠ እምነት የሚጣልበት ቁጥር ነው፤ ግምት የሚጠይቀው ጥቂት ነውና።

ስለ 5 ሚሊዮኑ ጥያቄ ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ላሳይዎት። በ500 ብር ሒሳብ ገንዘቡ 10,000 ደንበኛ ያመጣል ብለው ጽፈዋል፤ በ1,860 ብር ግን የሚመጣው 2,700 ሰው እንኳ አይሞላም። ኢንቨስተሩ ይህን ልዩነት ራሱ ከሚያገኘው እርስዎ ቀድመው ቢያሳዩት ይሻላል። ደግሞም ዕቅዱ ላይ የገንዘቡ አወራረድ የለም። በየወሩ 200 ሰዎች በ1,860 ብር ቢያመጡ 372,000 ብር ይወጣል። በመጀመሪያው ወር እነዚህ ሰዎች 100,000 ብር ስለሚያስገቡ 272,000 ብር ይጎድላል። በሁለተኛው ወር አዲሶቹ 200 እና የቀድሞዎቹ ተመላሾች 152,000 ብር ያስገባሉ፤ ጉድለቱ 220,000 ይሆናል። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ በአሥረኛው ወር ገቢው ወጪውን ጥቂት ያልፋል። እስከዚያ የተከማቸው ጉድለት 1,155,000 ብር ነው። ኪራዩና ደመወዙ ከዚህ ውጭ ናቸው። ይህ ቁጥር «ለምን ያህል ጊዜ ምን ያህል ገንዘብ ታስሮ ይቆያል» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ስለሆነ ከማንኛውም እጥፍ በላይ ይጠቅምዎታል። በወር 200 የነበረውን 600 ቢያደርጉት ጉድለቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የማምጫ ወጪው አብሮ ከወጣ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው ማለት ንግዱ አይሆንም ማለት አይደለም። ገንዘቡ በምን ላይ መዋል እንዳለበት ግን ይለውጣሉ። በሰንጠረዡ ላይ ትልቁ ኪሳራ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ትዕዛዝ ባለው መካከል ነው። በሁለተኛው ወር የሚመለሱት ከ52 ወደ 62 ቢያድጉና ቀጣዮቹ ወራት በዚያው መጠን ቢከተሉ፣ ማስታወቂያው ላይ ምንም ሳይነኩ ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ ከአሥረኛው ወደ ስምንተኛው ወር ይቀርባል። የ300 ብር ቅናሹ አሁን የሚሰጠው ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሚያዘውም ሰው ነው። ለአንድ ወር አዲስ ከሚመጡት ግማሾቹ ቅናሹን በመጀመሪያው፣ ግማሾቹ በሁለተኛው ትዕዛዝ እንዲያገኙ አድርገው ይሞክሩት። በሁለተኛው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዙት ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት ስንት ሰው መጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን በሦስት ወር ውስጥ ከእያንዳንዱ ቡድን ምን ያህል ቀሪ ተገኘ የሚለው ነው። የሙከራውን ውጤት በዕቅዱ ውስጥ ማካተት «ማቆየትን እናሻሽላለን» ብሎ ከመጻፍ የተለየ ክብደት አለው።

ሌላው የሚነካው ቦታ የማድረሻ ወጪ ነው። በአድራሾቹ መዝገብ ላይ እንዳየሁት አያትና ሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ አንድ ሞተረኛ በአንድ ጉዞ አራትና አምስት ቤት ያዳርሳል፤ በሌሎች ሰፈሮች አንድ ወይም ሁለት ብቻ። 220 ብሩ የሁሉም አማካይ ነው። ቀሪውን በሰፈር ለይተው ያስሉት፤ በተቀራረቡ ሰፈሮች ወጪው ወደ 150 ከወረደ ከአንድ ትዕዛዝ 570 ብር ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያውንም ዞረው የሚያስተዋውቁትንም ሠራተኞች እነዚያ ሰፈሮች ላይ ማተኮር ምክንያት ያለው ዕቅድ ይሆናል። የሰው በሰው መንገድ ደግሞ ርካሽ ቢሆንም ገንዘብ በጨመሩበት መጠን አያድግም፤ የሚያድገው የረኩት ደንበኞች ቁጥር ሲያድግ ነው። ስጦታውን በእጥፍ ጨምረን በሰው በሰው የሚመጣውን በእጥፍ እናሳድጋለን የሚል መስመር በዕቅዱ ውስጥ ካለ ይሰርዙት።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዕቅድዎ አማካይ ትዕዛዝ በየዓመቱ እያደገ ይሄዳል። ዕድገቱ የጤፍ ዋጋ በመወደዱ ከሆነ መግዣውም አብሮ ስለሚወደድ 500 ብሩ በዚያው መጠን ላያድግ ይችላል፤ እንዲያውም ዋጋውን ቶሎ ካላስተካከሉ ይጠባል። ስለዚህ ትዕዛዝን በብር ብቻ ሳይሆን በኪሎም ያሳዩ። በጾም ወራት የሽሮ፣ ከበዓላት በፊት የበርበሬና የቅመም ሽያጭ እንደሚያብጥ ስለሚታወቅ ከበዓል ወር ተነሥተው የዓመቱን አያባዙ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚያስብ ኢንቨስተር ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገባውን ብር በዛሬው ዋጋ አይቀበለውም፤ የ12 ወር ገደቡ በዚህም በኩል ይረዳዎታል።

ለኢንቨስተሩ የሚልኩት ሦስት ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያው ላይ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተሰሉ በተራ ቋንቋ ይጻፉ፤ ቀሪ ስንል ምን ምን ወጪ ተቀንሶ እንደሆነ፣ የማምጫ ወጪ ውስጥ ምን ምን እንደገባ፣ የመጀመሪያው ቅናሽ በየትኛው በኩል እንደተቆጠረ። በሁለተኛው ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የገቡት ቡድኖች ሁሉ፣ በማስታወቂያና በሰው በሰው የመጡት ተለይተው፣ ደካማዎቹም ሳይቀሩ ይቀመጡ። በሦስተኛው ላይ የ12 ወሩ የገንዘብ አወራረድ ሁለት ጊዜ ይቅረብ፤ አንዱ ዛሬ ባሉት ቁጥሮች፣ ሌላው የማምጫ ወጪው ወደ 2,300 ብር ቢወጣ። በሁለተኛው ስሌት በጥር ቡድን ጠባይ ገንዘቡ በዓመት ውስጥ አይመለስም፤ ይህንንም ጽፈው ከዚያ በፊት ማስታወቂያውን በየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚያቆሙ ይግለጹ። የትዕዛዝ መዝገቡንም የደንበኞቹን ስምና ስልክ አውጥተው በመለያ ቁጥር ተክተው አብረው ይላኩለት፤ ሰንጠረዡን ራሱ መልሶ መሥራት እንዲችል። የ5 ሚሊዮኑን ጥያቄ ግን አሁን አይድገሙት። የቅናሹ ሙከራ የሦስት ወር ውጤት እስኪታወቅ 1,155,000 ብሩን ጉድለትና የጥቂት ወራት ኪራይና ደመወዝ የሚሸፍን መጠን ብቻ ይጠይቁ።